ማን ነው የላከው?

ከጥቂት ወራት በፊት ለአንድ ደንበኛችን የፕሮጀክት ማሻሻያ ኢሜይል ጻፍኩ። ደንበኛው ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ የምንሠራለት ደግሞ ለወላጆች የክፍያ ማስታወሻ በስልክ መልእክት የሚልክ ሲስተም ነው። ኢሜይሉን የምትቀበለው የፋይናንስ ኃላፊዋ ስለሆነች በአማርኛ ነው የምንጻጻፈው። ከሰላምታው በኋላ ያለው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የክፍያ ማስታወሻውን ክፍል ሠርቼ ጨርሻለሁ። በመቀጠልም መሞከር ጀመርን። ማክሰኞ ማታ ስክሪፕቱ ሲሠራ አንዳንድ መልእክቶች በድጋሚ ይላካሉ። ችግሩ ታይቶ እየተስተካከለ ነው። ለወደፊቱም አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል። ቅሬታ ያቀረቡ ወላጆች ካሉ ዝርዝራቸውን ያዘጋጃሉ።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ስጽፈው አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ አንድ ጊዜ አንብቤ ላክሁት። የአማርኛ መምህሬ ቢያየው በቀይ እስክሪብቶ ያከብበው ነበር፤ ጊዜው ከኃላፊ ወደ አሁን፣ ከአሁን ወደ ትንቢት ይዘላል፤ ባለቤቱም አንዴ «እኔ»፣ አንዴ «እኛ»፣ አንዴ ደግሞ ማንም ነው። ሰዋስው ነው፣ በስህተት ነው፣ ቸኩዬ ነው ማለት ይቻላል። እኔም ለሁለት ቀን ያህል ለራሴ እንደዚያ ስል ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። ለምን እንደማላስብ ለመናገር መጀመሪያ የሆነውን ነገር በሙሉ ማውራት አለብኝ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ 2,100 ለሚሆኑ ወላጆች «ያልተከፈለ ሂሳብ አለብዎ» የሚል መልእክት ላከ። መልእክት ስንልክ እኛ በቀጥታ ለስልኩ አይደለም የምንልከው፤ መልእክቱን ለአስተላላፊ ድርጅት እንሰጣለን፣ እሱ «ተቀብያለሁ» የሚል ምላሽ ይመልስልናል። ምላሹ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ የእኛ ሲስተም መጠበቁን ትቶ መልእክቱን «አልተላከም» ብሎ ይመዘግባል። ሰኞ ዕለት መስመሩ ተጨናንቆ ስለነበር 412 መልእክቶች እንደዚያ ተመዘገቡ። ግን ምላሹ ዘገየ ማለት መልእክቱ አልደረሰም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ደርሰው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ያልተላኩትን በድጋሚ የሚልክ ስክሪፕት ራን አደረግኩ። 412ቱም ወጡ። በሰኞና በማክሰኞ ማታ መካከል ደግሞ ከእነዚያ ወላጆች የተወሰኑት ከፍለው ነበር። ከፍሎ የጨረሰ ሰው «ያልተከፈለ ሂሳብ አለብዎ» የሚል መልእክት በማታ ሲደርሰው ክፍያው እንዳልገባ ያስባል። ስድስት ወላጆች ረቡዕ ጠዋት በድጋሚ ከፈሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ስክሪፕቱን የፈተሸችው ከተቀጠረች ስምንት ወር የሆናት ባልደረባዬ ነበረች። ኮዱን ስታነብ «ምላሹ ዘግይቶ እንጂ መልእክቱ ደርሶ የነበረ ከሆነስ?» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔ ደግሞ «በኋላ አየዋለሁ» ብዬ መለስኩላት። እሷም አፕሩቭ አደረገችው። በኋላ አላየሁትም።

አሁን ወደ አንቀጹ እንመለስ። የመጀመሪያው መዛነፍ «ይላካሉ» የምትለዋ ናት። የሆነው ነገር አንዴ ሆኖ ያለፈ ስለሆነ «ተልከዋል» ወይም «ተላኩ» ነበር መባል ያለበት። አማርኛ ላይ «ይላካሉ» የሚለው ቅርጽ ብዙ ሥራ ይሠራል። ነገ ለሚሆነውም «ይላካሉ» እንላለን፣ በየጊዜው ለሚደጋገመውም «ይላካሉ» እንላለን። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። እኔ ደግሞ በዙሪያው ያስቀመጥኩት «ማክሰኞ ማታ» የሚለውን ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ረቡዕ ከሰዓት ደወለች። «በየሳምንቱ ማክሰኞ ነው እንዴ የሚላከው?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን ሲስተሙ በሙሉ እንዲዘጋ አዝዛ ነበር፤ ለዚያን ቀን የተዘጋጁት ሌሎች መልእክቶችም ሳይወጡ ቀሩ።

ለምን «ይላካሉ» እንዳልኩ በኋላ ሳስበው ገባኝ። ኮድ ስናወራ ሁልጊዜ በአሁን ጊዜ ነው የምናወራው። «ምላሽ ካልመጣ መልእክቱ በድጋሚ ይላካል» ስንል ስለ አንድ ምሽት አይደለም፤ ስለ ኮዱ ጠባይ ነው። ኮዱ ካልተቀየረ ትናንትም ነገም ያው ነው። ስለዚህ ስጽፍ ሳላውቀው ታሪክ ከማውራት ወደ ጠባይ ወደ መግለጽ ተሻገርኩ። ሁለቱም ለአንባቢዋ ያስፈልጓታል፤ ማክሰኞ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት፣ ነገ ሊደገም ይችል እንደሆነም ማወቅ አለባት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ስቀላቅላቸው ግን አንዱንም አላወቀችም። ይሄኛው ስህተት ሰነፍነት ነው፤ ክፋት የለበትም። እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ስንጽፍ ደግሞ አብዛኞቻችን ከየቀኑ ማስታወሻችን እየቀነጨብን ነው የምንለጥፈው፤ ሰኞ «እየሞከርን ነው» ብለን የጻፍነው ሐሙስ ላይ ሳይቀየር ይገባል።

ክፋት ያለበት ሁለተኛው መዛነፍ ነው፤ የባለቤቱ። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ነው የሚሸከመው። «ጨርሻለሁ» ካልኩ «እኔ» ማለት አያስፈልገኝም፤ ግሡ ራሱ ይናገርብኛል። ስለዚህ መደበቅ ስንፈልግ ባለቤቱን መተው አንችልም፤ ግሡን ራሱን መቀየር አለብን። መንገዶቹን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። አንዱ «ተ» መጨመር ነው፤ «ሰበርኩት» የነበረው «ተሰበረ» ይሆናል። እናቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል «ራሱን ነው የሰበረው?» ይሉናል። ሌላው «ብኝ» ነው። «ተሰበረብኝ» ስል ሰባሪው ብቻ ሳይሆን የጎዳሁት ሰው ጭምር ይጠፋል፤ ጉዳቱ የደረሰው በእኔ ላይ ይሆናል። ኃላፊዋ ደውላ ስትጠይቀኝ በአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «መልእክቱ ተደገመብን» የሚል ነበር። ሁለት ጊዜ ከፍለው የተጎዱት ስድስት ወላጆች ናቸው፤ በአማርኛዬ ውስጥ ግን ተጎጂዎቹ እኛ ሆንን።

አንቀጹን በዚህ ዓይን እዩት። የሚያስመሰግነው ሥራ ላይ «ጨርሻለሁ» ብያለሁ፤ እኔ ነኝ። ነገሩ መበላሸት የሚጀምርበት ጋ ስንደርስ «ጀመርን» ሆነ፤ እኛ ነን። ስህተቱ ላይ ስክሪፕቱ በራሱ ይሠራል። በጓደኞቼ መካከል «ራን አደረግኩት» ነው የምለው፤ እዚህ ግን «ሲሠራ» አልኩ፣ ምክንያቱም «ሲሠራ» የሚያሠራ ሰው አይጠይቅም። ከዚያ «ታይቶ»፣ «እየተስተካከለ»፣ «ይደረጋል» መጡ፤ ማንም የለም። ስህተቱ ላይ ስንደርስ ሰው የሚባል ነገር ከአንቀጹ ወጣ።

ትህትና ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው፣ በእኛ ሀገር «እኔ እኔ» ማለት አያስከብርም፤ ብዙ ሰው የራሱን ሥራ «ሠራን» ብሎ ነው የሚናገረው። ግን ትህትና ቢሆን ኖሮ «እኛ» የሚለው ምስጋናው ላይ ነበር መምጣት ያለበት። እኔ ያደረግኩት በተቃራኒው ነው።

ሎጉ ላይ ግን እንዲህ ይነበባል፦

```
22:14:07 user=dev2 run resend_failed.py --all
22:14:09 selected=412 status=failed
22:16:31 sent=412
```

በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4፡14 ነው። dev2 እኔ ነኝ። ማሽኑ ማን ምን በስንት ሰዓት እንዳደረገ በሦስት መስመር ጽፏል፤ እኔ ስድስት ዓረፍተ ነገር ፈጅቶብኝ አልጻፍኩትም።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅ። ይህ ውሸት ነው? ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ብትመረምሯቸው ሐሰት የሆነ የለም። ክፍሉን ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ እውነት ነው። መሞከር ጀምረናል፣ እውነት ነው። ችግሩ ታይቶ እየተስተካከለ ነበር፣ እውነት ነው። ፍርድ ቤት ብቆም «የትኛው ቃል ነው ውሸቱ?» ብዬ መከራከር እችላለሁ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ አንድ ታዋቂ ጽሑፉ ላይ የሚያሳየን ነገር እዚህ ይጠቅማል። ሰው ሲናገር ቃላቱ ከሚሉት በላይ የሚያስተላልፈው ነገር አለ፤ ሰሚው ተናጋሪው ሊተባበረው እንደፈለገ ገምቶ የጎደለውን በራሱ ይሞላል። ማለትም «ጨርሻለሁ» ብዬ ቀጥዬ «ጀመርን» ስል፣ አንባቢው ባለቤቱ የተቀየረው በምክንያት ነው ብሎ ያስባል። እዚህ ጋ ሌላ ሰው ገባ ማለት ነው ብሎ ይሞላዋል።

አለቃችን የሞላው በትክክል እንደዚያ ነው። ኢሜይሉ በግልባጭ ደርሶታል። የሥራ ክፍፍሉ ላይ ሙከራና ፍተሻ በማን ስም እንደተመዘገበ ያውቃል። «ሠርቼ ጨርሻለሁ» እኔ ነኝ፤ «መሞከር ጀመርን» ደግሞ እሷ ናት። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ላይ ወደ እሷ ዞሮ «ሳትፈትሺው ነው እንዴ ያለፈው?» አላት።

«አይቼው ነበር» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። «ጠይቄው ነበር» አላለችም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ላፕቶፔን እያየሁ ዝም አልኩ።

ከስብሰባው በኋላ ማኪያቶ ልንጠጣ ወጣን። ስኳሯን እያማሰለች «ኢሜይሉን አነበብኩት» አለችኝ። «እኔ የቱ ጋ ነው የገባሁት?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር እሷን ልወቅስ ብዬ አልጻፍኩትም። ስጽፍ እሷን አላሰብኩም ነበር። ግን ሳስበው እሱ ራሱ አያድነኝም። አንባቢ ባዶ ቦታ ሲያገኝ አንድ ሰው ያስቀምጥበታል። ስሜን ከግሡ ሳወጣ ቦታው ባዶ እንደማይቀር ማወቅ ነበረብኝ፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ የሚቀመጠው ከሁሉም በታች ያለው ሰው ነው። ለዚህ ነው ነገሩን የሰዋስው ስህተት ብቻ ብዬ መተው ያልቻልኩት። ውሸት ለመባል ሐሰት ቃል ያስፈልገው ይሆናል፤ ሰውን ለመጉዳት ግን አላስፈለገውም።

ከሙያዬ የሚመጣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አይደለም። በሶፍትዌር ዓለም አደጋ ሲፈጠር ሰውን መውቀስ ትተን ሲስተሙን እንመርምር የሚል ልምድ አለ። ጆን ኦልስፖው እ.ኤ.አ. በ2012 ኤትሲ በተባለው ኩባንያ ይህን እንዴት እንደሚሠሩ ከጻፈ በኋላ በብዙ ቦታ ተለምዷል። ታዲያ «ችግሩ ታይቶ እየተስተካከለ ነው» ማለቴ ይሄው አይደለም ወይ? አይደለም። ኦልስፖው የሚለው በነገሩ ውስጥ የነበረ ሰው ቅጣት ሳይፈራ ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገ፣ በዚያ ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር፣ ምን እንደገመተ በዝርዝር ይናገር ነው። ወቀሳው የሚቀርለት ዝርዝሩ እንዲገኝ ተብሎ ነው። የእኔ «ተ» ደግሞ ዝርዝሩን ነው ያጠፋችው። «በድጋሚ ይላካሉ» ከሚለው ውስጥ ማንም ሰው «የዘገየ ምላሽን እንደ ውድቀት መቁጠር» የሚለውን ትክክለኛ ምክንያት ሊያወጣ አይችልም፤ ምክንያቱም ያ ምክንያት የሚገኘው እኔ ምን እንደገመትኩ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር አምናለሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ለሁሉም ሰው እኩል ዋጋ አያስከፍልም። እኔ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቢከፋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ልጅ ኢሜይል ላይ «እኛ» ወይም «ተደረገ» የሚለው ነገር መጠለያው ሊሆን ይችላል፤ እሱን በሰዋስው ልፈርድበት አልፈልግም። እዚያ ቦታ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት አለቃው ነው።

የመጨረሻዋንም ዓረፍተ ነገር ሳልረሳ። «ዝርዝራቸውን ያዘጋጃሉ» ያልኩት ኃላፊዋን ነው፤ «እርስዎ» ማለቴ ነበር። ግን የአክብሮቱ «እርስዎ» እና «እነሱ» ግሣቸው አንድ ነው። እሷ «እናንተ ጋ ያሉት ልጆች ያዘጋጃሉ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። እኛ እሷን ስንጠብቅ፣ እሷ እኛን ስትጠብቅ የስድስቱ ሰዎች ገንዘብ ሁለት ቀን ተቀመጠ። እዚህ ጋ ማንም ማንንም አልደበቀም። «እርስዎ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብጨምር ኖሮ አክብሮቱም አይቀንስም፣ ገንዘቡም ረቡዕ ይመለስ ነበር።

ሐሙስ ማታ አንቀጹን እንደገና ጻፍኩት፦

«ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ለወላጆች የክፍያ ማስታወሻ ልኮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 412ቱ ምላሽ ስለዘገየ “አልተላከም” ተብለው ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ ግን ደርሰው ነበር። ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡14 ላይ እኔ 412ቱንም በድጋሚ ላክኋቸው። ባልደረባዬ ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድማ ጠይቃኝ ነበር፤ አላጣራሁም። በዚህ ምክንያት ስድስት ወላጆች ሁለት ጊዜ ከፍለዋል። ስክሪፕቱን ረቡዕ ዘግቼዋለሁ፤ አሁን በድጋሚ የሚላክ መልእክት የለም። ለእያንዳንዱ መልእክት የማይደገም መለያ ቁጥር እየጨመርኩ ነው፤ ዓርብ እጨርሳለሁ። የስድስቱን ዝርዝር ዛሬ እኔ እልክልዎታለሁ፤ ገንዘቡ እንዲመለስ እርስዎ ይፈርሙበታል።»

ቁጠሩትና ይሄኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ይዘላል። ኃላፊ ጊዜ አለ፣ ከኃላፊም የራቀ አለ፣ አሁን አለ፣ ትንቢት አለ። ሲስተሙ፣ እኔ፣ እሷ፣ ወላጆቹ፣ እርስዎ አሉበት። «በአንድ አንቀጽ አንድ ጊዜ፣ አንድ ባለቤት» የሚለው የትምህርት ቤት ምክር እዚህ አይሠራም፤ የሆነው ነገር ራሱ በአንድ ጊዜ ውስጥ አልሆነምና፣ በአንድ ሰውም አልተሠራምና። ልዩነቱ እያንዳንዱ ዝላይ ከውጭ ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ግሡ የተቀየረው ሰዓቱ ስለተቀየረ ወይም ሠሪው ስለተቀየረ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግን «ጨርሻለሁ» ወደ «ጀመርን» ሲቀየር፣ «ጀመርን» ወደ «ይላካሉ» ሲቀየር የተቀየረው የእኔ ምቾት ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት ግሦቹን ብቻ አውጥቼ ወደ ታች እደረድራቸዋለሁ። በየአንዳንዳቸው አጠገብ ማን እና መቼ እጽፋለሁ። ማን የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ባላውቀው ነው ወይስ ባውቀው ብዬ እጠይቃለሁ። ባላውቀው «እስካሁን አላወቅንም» ብዬ እጽፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አውቀዋለሁ።

አዲሱን አንቀጽ ከመላኬ በፊት ለእሷ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «አላጣራሁም» የሚለው ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች። «ጠየቅኩህ፣ በኋላ አልከኝ፣ እኔም አፕሩቭ አደረግኩት። መልስ ሳላገኝ ማለፍ አልነበረብኝም። አላጣራንም በለው።»

ተከራከርኳት። እንደገና እሷን የሚያስወቅስ ነገር መጻፍ አልፈለግኩም። «የመጀመሪያው “እኛ” ላይ እኔ አልነበርኩም» አለችኝ፤ «እዚህ ጋ ግን ነበርኩ።»

ሁሉንም በራሴ ላይ ስጭን ታማኝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን እሱም የሆነውን አይናገርም ነበር። «እሷ ጠየቀችኝ፤ እኔ በኋላ አልኳት፤ ሁለታችንም ሳናጣራ አለፍነው» ብዬ ቀየርኩትና ላክሁት።